«ኮሚቴው ወሰነ» ወይስ «ኮሚቴው ወሰኑ»? ስለ ባለቤትና ግስ ስምምነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰፈራችንን እድር ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት አማርኛ አስተምር ነበር። አሁን ከመሐል ሜዳም ከእነዋሪም የእድርና የማኅበር ጸሐፊዎች ደንባቸውንና ደብዳቤያቸውን እንድመለከትላቸው ይልኩልኛል። የሚጠይቁኝ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ግሱን በነጠላ ላስረው ወይስ በብዙ? እዚህ የሰበሰብኩት ደጋግመው የጠየቁኝንና የመለስኩላቸውን ነው።

«ኮሚቴው ወሰነ» ነው የሚባለው «ኮሚቴው ወሰኑ»?

«ኮሚቴው ወሰነ።» ኮሚቴ ውስጥ ሰባት ሰው ሊኖር ይችላል። ስሙ ግን አንድ ነው፤ ሰባቱን ጠቅልሎ እንደ አንድ አካል ይጠራቸዋል። ሰዋስው እንዲህ ያለውን የጥቅል ስም ይለዋል። ሕዝብ፣ ሠራዊት፣ ጉባኤ፣ ምክር ቤት፣ ቡድን፣ ማኅበር፣ መንጋ የዚሁ ወገን ናቸው። ግሱ የሚከተለው ስሙን ነው እንጂ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ቁጥር አይደለም።

ስትጠራጠሩ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ከስሙ ፊት «ይህ» እና «እነዚህን» አስገቡ። «ይህ ኮሚቴ» ይሄዳል፤ «እነዚህ ኮሚቴ» ግን ጆሮ አይቀበለውም። ስለዚህ ግሱ ነጠላ ነው። «ይህ ሕዝብ ደከመ።» «ይህ መንጋ ወረደ።» ጓሳ ላይ ጭላዳ ሲግጥ ያየ ሰው መቶም ይሁን ሁለት መቶ «የጭላዳው መንጋ ወደ ገደሉ ወረደ» ይላል። «ጭላዳዎቹ ወረዱ» ካለ ደግሞ ስሙን ራሱን አብዝቶታልና ግሱም ይበዛል።

ይህ መፈተኛ ከግእዝ በመጡት ቃላት ላይም ይረዳል። ካህናት፣ ሊቃውንት፣ መምህራን «ኦች» የሚለውን ጅራት ስለማይይዙ አንዳንዱ እንደ ጥቅል ስም ያያቸዋል። ግን «ይህ ካህናት» አይባልም፤ «እነዚህ ካህናት» ነው። ስለዚህ «ካህናቱ ቀደሱ» እንጂ «ካህናቱ ቀደሰ» አይሆንም። «ሠራዊት» ደግሞ በተቃራኒው ነው። በግእዝ ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ አማርኛ ውስጥ ገብቶ ጥቅል ሆኗል። «ይህ ሠራዊት» እንላለን፤ «ሠራዊቱ ዘመተ» እንላለን። የቃሉ ታሪክ ሳይሆን የዛሬው አጠቃቀም ነው የሚፈርደው።

በንግግር ግን «ሕዝቡ ወጡ» ሲባል እሰማለሁ። ስህተት ነው?

በአፍ ይባላል፤ የሚሰማውም ይገባዋል። ተናጋሪው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ሰዎቹን ነው። ገበያ ላይ የተባለን ነገር አላርምም። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ግን በነጠላ ጻፉት፤ ምክንያቱም ችግሩ አንድ ግስ ላይ አያበቃም። «ሕዝቡ ወጡ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ቀጥሎ «መብቱን ጠየቀ» ትላላችሁ ወይስ «መብታቸውን ጠየቁ»? ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይሰበራል። መጀመሪያው ነጠላ፣ መሐሉ ብዙ፣ መጨረሻው እንደገና ነጠላ ይሆናል።

ሰዎቹን ማለት ከፈለጋችሁ ሰዎቹን ጥሯቸው። «የኮሚቴው አባላት»፣ «የሰፈሩ ነዋሪዎች»፣ «ቤተሰቦቼ» በሉ። ያኔ ብዙ ቁጥሩ ያለ ጭቅጭቅ ይመጣል።

«ኮሚቴው ወሰነ» እና «የኮሚቴው አባላት ወሰኑ» ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ትልቅ ልዩነት አላቸው፤ በተለይ ቃለ ጉባኤ ለሚጽፍ ሰው። «ኮሚቴው ወሰነ» ስትሉ በደንቡ መሠረት ተሰብስቦ፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ፣ ድምፅ ተሰጥቶ የተያዘ ውሳኔ አለ ማለታችሁ ነው። «የኮሚቴው አባላት ተስማሙ» ስትሉ ግን ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ቁጭ ብለው ሊሆን ይችላል። ሰዎቹ ተስማምተዋል፤ አካሉ ግን ገና አልወሰነም።

በተገላቢጦሽ ደግሞ አካል የማይሠራውን ነገር ለአካል አትስጡት። «ኮሚቴው ቡና ጠጣ» ብትሉ ሰው ይስቃል። «ኮሚቴው ተጨቃጨቀ» ይባላል፤ ግን የተጨቃጨቁት ሦስቱ ብቻ ከሆኑ «ሦስት የኮሚቴው አባላት ተጨቃጨቁ» ማለት ለሌሎቹም ፍትሐዊ ነው።

አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስጽፍ መሐል ላይ ግሱ ይምታታብኛል። ለምን?

የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነው። ባለቤቱ ፊት ላይ ይቀራል፤ ግሱ ከኋላ ይጠብቃል። በመካከላቸው ጊዜው፣ ቦታው፣ ተሳቢው፣ ምክንያቱ ሁሉ ይሰለፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦዝ አንቀጾቹ አሉ፤ «ተሰብስቦ»፣ «መርምሮ»፣ «ተወያይቶ» የሚሉት።

በቅርቡ ከእጄ የገባ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «ኮሚቴው ተሰብስበው የ6 ወሩን ሒሳብ መርምረው አባላቱ ባቀረቡት ቅሬታ ላይ ተወያይተው ድንኳኑ እንዲጠገን ወሰነ።» ጸሐፊው መጨረሻውን አልሳተም፤ «ወሰነ» ነው። ሦስቱ መሐል ላይ ያሉት ግን የሰዎቹን መልክ ይዘዋል። ባለቤታቸው ያው ኮሚቴው ስለሆነ «ተሰብስቦ፣ መርምሮ፣ ተወያይቶ፣ ወሰነ» መሆን አለባቸው። አራቱም አንድ መስመር ይይዛሉ።

መሐል ላይ ባለቤቱ ከተቀየረ ግን እያንዳንዱ ግስ የራሱን ባለቤት ይከተላል። «ገንዘብ ያዥዋ ሒሳቡን አቅርባ ኮሚቴው አጸደቀ።» ያቀረበችው እሷ ናት፤ ያጸደቀው እሱ ነው። ይህ ትክክል ነው። እኔ እንዲህ ሲሆን «ገንዘብ ያዥዋ ሒሳቡን ካቀረበች በኋላ ኮሚቴው አጸደቀ» ማለቱን እመርጣለሁ። የባለቤቱ መቀያየር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ታዲያ በረጅሙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱን እንዴት ልፈልገው?

ልጆችን ሳስተምር የማሳያቸው ዘዴ ይህ ነበር። እርሳስ ያዙና ፊታቸው ላይ «ከ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ስለ» ወይም «የ» ያለባቸውን፣ መጨረሻቸው ላይ ደግሞ «ን» ያለባቸውን ስሞች ሰርዙ። ራቁቱን የቀረው ስም ባለቤቱ ነው።

«ከመንዝ የመጡት በጎች ዋጋ ባለፈው ሳምንት በጣም ጨመሩ።» ጨመሩ? በጎቹ ናቸው የጨመሩት? «ከመንዝ» ይሰረዛል። «የመጡት በጎች» ከ«የ» ጋር የተጣበቀ ነው፤ ዋጋው የማን እንደሆነ የሚያሳይ ስለሆነ እሱም ይሰረዛል። «ባለፈው ሳምንት» በ«በ» የተያዘ ነው። የቀረው «ዋጋ» ነው። ዋጋ አንድ ነው፤ ስለዚህ «ጨመረ»።

እዚህ ጋ አማርኛ አንድ ደግነት አለው። በ«የ» የሚያያዝ ሐረግ ውስጥ ዋናው ስም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። «የአባላቱ መዋጮ»፣ «የወረዳዎቹ ጥያቄ»፣ «የተማሪዎቹ ችግር» ሲባል ዋናዎቹ መዋጮ፣ ጥያቄ፣ ችግር ናቸው። «የተማሪዎቹ ችግር አልተፈቱም» ብሎ የጻፈ ሰው ዓይኑ ወደ ተማሪዎቹ ስለሸሸ ነው። ያልተፈታው ችግሩ ነው።

ዘዴው የሚስትበት አንድ ቦታ አለ። ተሳቢው ያልታወቀ ሲሆን «ን» ላይይዝ ይችላል። «እድሩ በዚህ ዓመት አዳዲስ አባላት ተቀበለ።» «እድሩ»ም «አባላት»ም ራቁታቸውን ናቸው። ያኔ ግሱን ጠይቁት፦ የተቀበለው ማን ነው? እድሩ። ስለዚህ «ተቀበለ» ነው፤ «ተቀበሉ» ቢባል አባላቱ አንድ ነገር የተቀበሉ ይመስላል።

«ሊቀመንበሩ ከጸሐፊው ጋር ሄደ» ወይስ «ሄዱ»? ሁለት ሰው እኮ ናቸው።

ሁለት ሰው ናቸው፤ ባለቤቱ ግን አንድ ነው። «ከጸሐፊው ጋር» አጃቢ ሐረግ ነው፤ «ከ» ይዟል፤ በእርሳሱ ዘዴ ይሰረዛል። «ሊቀመንበሩ ከጸሐፊው ጋር ሄደ።» ሁለቱን እኩል ማድረግ ከፈለጋችሁ «ና»ን ተጠቀሙ፦ «ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ሄዱ።»

አንድ ቆንጆ ነገር ግን እዚህ አለ። «ከእህቴ ጋር ገበያ ወጣን» እንላለን አይደል? ይህ ስህተት አይደለም። «እኔ» የሚለው አልተጠራም፤ የተደበቀው ባለቤት «እኛ» ነው፤ «ከእህቴ ጋር» የሚለው እኛ ማን ማን እንደሆንን ይናገራል። «እኔ» ብላችሁ በግልጽ ከጠራችሁ ግን «እኔ ከእህቴ ጋር ገበያ ወጣሁ» ነው የሚሻለው። ወይም «እኔና እህቴ ወጣን»።

«ጨምሮ» የሚለውም አጃቢ ነው። «ሊቀመንበሩን ጨምሮ 5 አባላት ተገኝተዋል» ሲባል ባለቤቱ «5 አባላት» ነው፤ ሊቀመንበሩ ከአምስቱ ውስጥ ተቆጥሯል። ስድስት የመጡ መስሎት የሚቆጥር ሰው አጋጥሞኛል።

አንቱታውስ? «ሊቀመንበሩ ሄዱ» ብዬ ብጽፍ በአክብሮት ነው እንጂ ስለበዙ አይደለም።

የጉዳዩ ከባድ ክፍል ይህ ነው። በአማርኛ በሦስተኛ መደብ የአክብሮቱ ግስና የብዙ ቁጥሩ ግስ መልካቸው አንድ ነው። «እሳቸው መጡ» እና «እነሱ መጡ» የሚለያዩት በተውላጠ ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሊቀመንበሩ ከጸሐፊው ጋር ሄዱ» የሚል ጽሑፍ ሳገኝ ጸሐፊው ሊቀመንበሩን አክብሮ ይሁን ሁለቱን ደምሮ አላውቅም።

በዜና፣ በደብዳቤና በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ አንቱታው ተገቢ ነው፤ አባቶቻችንን አንተ ልንል አይገባም። ለደንብ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ደንብ የሚናገረው ስለ ሰውዬው ሳይሆን ስለ ኃላፊነቱ ነው። ዛሬ ወንበሩ ላይ ያሉት አዛውንት ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የ30 ዓመት ወጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሊቀመንበሩ ይፈርማል» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አልተደፈረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ራሱ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሲጽፍ ርዕሰ ብሔር «ነው» ይላል፤ «ናቸው» አይልም። የእድር አዛውንቶች ሲከፋቸው ይህንን ነው የማሳያቸው።

«ወይም» ሲኖርስ? «ሊቀመንበሩ ወይም ምክትሉ ይፈርማል» ወይስ «ይፈርማሉ»?

«ይፈርማል።» «ወይም» ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ የሚፈርመው እጅ አንድ ነው። «ና» ግን ይደምራል፦ «ሊቀመንበሩና ምክትሉ ይፈርማሉ» ሲሆን ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል። በገንዘብ ጉዳይ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የደረሰብንን ልንገራችሁ። የድሮው ደንባችን አንድ አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «የእድሩ ገንዘብ ከባንክ ሲወጣ ሊቀመንበሩ ወይም ምክትሉ ከገንዘብ ያዥዋ ጋር ይፈርማሉ።» ለዓመታት ማንም ልብ አላለውም። አንድ ቀን የአባላችን እናት ዐረፉ። ገንዘብ ያዥዋ ለጠበል ሸዋ ሮቢት ወርደው ነበር። ሊቀመንበሩ «ብቻዬን መፈረም እችላለሁ» አሉ። ምክትሉ «አይቻልም» አለ። ሦስተኛ አባል ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ ተነሣ። አንቀጹን እያነበብን አመሸን፤ ገንዘቡ ሳይወጣ ሁለት ቀን አለፈ። ለቅሶ ቤቱ በጎረቤት ብድር ነው የተሸፈነው። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም፤ ምክንያቱም ያንን ደንብ ገልብጬ ያባዛሁት እኔ ነበርኩ።

አሁን አንቀጹን አብረን እንክፈተው። በመጀመሪያው ንባብ «ወይም» አንቀጹን ለሁለት ይከፍለዋል። ወይ ሊቀመንበሩ ብቻውን ይፈርማል፣ ወይ ምክትሉ ከገንዘብ ያዥዋ ጋር ይፈርማል። ሊቀመንበሩ የያዙት ይህንን ነው። በሁለተኛው ንባብ «ወይም» ሁለቱን ሰዎች ብቻ ያማርጣል፤ ገንዘብ ያዥዋ ግን በማንኛውም ጊዜ አለች። ማለትም ሁልጊዜ ሁለት ፊርማ። የምክትሉ ንባብ ይህ ነው። በሦስተኛው ደግሞ «ይፈርማሉ» አንቱታ ነው፤ ፈራሚው አንድ ሰው ነው፤ ገንዘብ ያዥዋ አብራ ትገኛለች እንጂ አትፈርምም።

የግሱ መልክ ሊያስታርቀን ይችል ነበር። «ይፈርማል» ተብሎ ቢሆን ቢያንስ አንቱታው ከብዙ ቁጥሩ ጋር አይምታታም ነበር። ግን ግሱን ብቻ ማረም አይበቃም፤ «ወይም» እና «ከ…ጋር» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ሁልጊዜ ጥርጥር ይፈጥራሉ። ስለዚህ ሰበርነው። አሁን አንቀጹ እንዲህ ይላል፦

«ገንዘብ ሲወጣ ገንዘብ ያዥዋ ትፈርማለች። ከሊቀመንበሩና ከምክትሉ አንዱ ደግሞ ይፈርማል። ሁለት ፊርማ ካልተሟላ ገንዘብ አይወጣም። ገንዘብ ያዥዋ ከሌለች ጸሐፊው በእሷ ቦታ ይፈርማል።»

አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዱ አንድ ማሰሪያ አንቀጽ አለው፤ የማሰሪያውም ባለቤት አንድ ነው። ማንም ሁለት ዓይነት አድርጎ ሊያነበው አይችልም።

በ«ወይም» የተያያዙት አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ቢሆኑስ? አንዱ ነጠላ አንዱ ብዙ ቢሆንስ?

እንግሊዝኛ የተማሩ ልጆች «ለግሱ የቀረበውን ተከተል» የሚለውን ሕግ ያመጡልኛል። በእንግሊዝኛ ልክ ነው። ወይ መምህሩ ወይ ተማሪዎቹ ሲባል ግሱ ተማሪዎቹን ይከተላል፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ መምህሩን ይከተላል። በቁጥር ጉዳይ አማርኛም በዚህ መንገድ ደህና ይሄዳል። «ወይ ልጁ ወይ እህቶቹ ይመጣሉ» ጆሮ ይቀበለዋል። «ወይ እህቶቹ ወይ ልጁ ይመጣል» ግን ትንሽ ይጎረብጣል። ስለዚህ ብዙውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

የአማርኛ ችግር ጾታው ነው። የእንግሊዝኛ ግስ ወንድና ሴት አይለይም፤ የኛ ይለያል። «ከበደ ወይም አልማዝ ይመጣል» ስትሉ አልማዝ ወንድ ሆነች። «ትመጣለች» ስትሉ ከበደ ቀረ። ሰው ከዚህ ለማምለጥ «ይመጣሉ» ይላል፤ ያኔ ሁለቱም የሚመጡ ይመስላል። እኔ የምመርጠው ግሱን ለእያንዳንዳቸው መስጠት ነው፦ «ወይ ከበደ ይመጣል፣ ወይ አልማዝ ትመጣለች።» ትንሽ ረዘመ እንጂ ንጹሕ አማርኛ ነው፤ እናቶቻችንም ሲናገሩ እንዲሁ ነው የሚሉት። ለደንብ ከሆነ «ከሁለቱ አንዱ ይመጣል» ይበቃል።

መደቡም ሲለያይ ያው ነው። «እኔ ወይም አንተ እንሄዳለን» ካላችሁ ሁለታችሁም ልትሄዱ ነው። «ወይ እኔ ልሂድ፣ ወይ አንተ ሂድ» በሉት።

በጥያቄ ውስጥ «ወይስ» መሆኑን አትርሱ። እሱ ጣጣ የለውም፤ ምክንያቱም ግሱ የፊተኛውን ባለቤት ይዞ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው፦ «አልማዝ ትመጣለች ወይስ ከበደ?»

«ሊቀመንበሩም ሆነ ጸሐፊው አልተገኙም» ላይ ግን ብዙ ቁጥር ትጠቀማለህ። ለምን?

ምክንያቱም ሁለቱም ቀርተዋል። «ም ሆነ» ከሁለቱ አንዱን አይመርጥም፤ ሁለቱንም ያካትታል። «ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም አልተገኙም» ከማለት ጋር አንድ ነው። ከ«ወይም» ጋር አንድ አድርገው የሚያዩት አሉ፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው።

«እያንዳንዱ አባላት ይከፍላሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈናል። ይስተካከል?

ይስተካከል። «እያንዳንዱ» አንድ በአንድ የሚጠራ ቃል ነው፤ ስሙም ግሱም ነጠላ ይሆናሉ፦ «እያንዳንዱ አባል ይከፍላል።» ሁሉን በአንድ ላይ መጥራት ከፈለጋችሁ «ሁሉም አባላት ይከፍላሉ» በሉ። «አብዛኛው» እና «አብዛኞቹ»ም እንዲሁ ናቸው። «አብዛኛው አባል ከፍሏል»፣ «አብዛኞቹ አባላት ከፍለዋል»። ሁለቱን አታዳቅሉ።

ቁጥር ሲኖርስ? «12 ሰው ተገኘ» ነው «ተገኙ»?

ሁለት ጥርት ያሉ መንገዶች አሉ። «12 ሰው ተገኘ» እና «12 ሰዎች ተገኙ»። በአማርኛ ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙ ነጠላ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቅልቅሉ፣ «12 ሰው ተገኙ»፣ በንግግር ይሰማል፤ ለጽሑፍ ግን ከሁለቱ አንዱን ያዙ። ገንዘብና ልኬት ሲሆን ነጠላው ነው የሚሻለው፦ «500 ብር ተከፈለ»፣ «3 ኩንታል ጤፍ ገባ»።

«ማኅበሩ ሦስት ድንኳኖች አሏቸው» ብዬ ጻፍኩ፤ አረምክብኝ። ግሱ ብዙ ነው እኮ!

ግማሹ ልክ ነበር። «አለ» ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚያይ ግስ ነው። ግንዱ ያሉትን ነገሮች ይከተላል፤ ጅራቱ ባለንብረቱን ይከተላል። ድንኳኖቹ ብዙ ስለሆኑ ግንዱ «አሉ» ይሆናል። ባለንብረቱ ማኅበሩ፣ ማለትም «እሱ» ስለሆነ ጅራቱ «ት» ነው። ስለዚህ «ማኅበሩ ሦስት ድንኳኖች አሉት»። «አሏቸው» ያልከው ጊዜ ማኅበሩን ወደ «እነሱ» ለውጠኸዋል። «አባላቱ ሦስት ድንኳኖች አሏቸው» ብትል ያስኬድ ነበር፤ ግን ያኔ ድንኳኑ የማኅበሩ ሳይሆን የአባላቱ የግል ንብረት ይመስላል። ድንኳኑን በነጠላ ከጠራኸው ደግሞ «ማኅበሩ ሦስት ድንኳን አለው» ትላለህ።

የንብረት መዝገብ ስትጽፉ ይቺን ጅራት ሁለት ጊዜ እዩዋት። አንድ አባል እድሩን ለቅቆ ሲወጣ «ድርሻዬን ስጡኝ» ብሎ የሚከራከረው በእንደዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው።